አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ስለ ማጋጠም
(በገርጂ የማታ ትምህርት ክፍል የተደረገ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችሁ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሳችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ ከመካከላችሁ ያሉ፥ ጉልት የሚቸረችሩ እናት ናቸው። ደብዳቤውን የጻፉት ደብረ ብርሃን ለሚኖር ወንድማቸው ነው። እሳቸው ፈቅደውልን ሰሌዳ ላይ ጻፍነው፦

«ሰኞ ዝናብ ዘነበ። አውቶቡስ አልመጣም። ልጁን አተኮሰው። ጎረቤቴ መጣ። ልጁን ተሸከመው። መገናኛ ደረሱ። ታክሲ አገኙ። ልጁ መርፌ ተወጋ። ተሻለው። የያዝኩት ብር አለቀ። ብር ላክልኝ።»

አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱም ስሕተት የለበትም። ግን ሲነበብ እንደ ጠጠር ይንኳኳል፤ የትኛው ነገር ከየትኛው እንደሚያያዝም አይነግረንም። ታዲያ እናጋጥመው ብለን ተነሣን። ምን ሆነ መሰላችሁ? እኛው አስተማሪዎቹ ቀድመን ተሳሳትን።

ከመካከላችን አንዱ ቸኩሎ «ዝናብ ስለዘነበ አውቶቡስ አልመጣም» ብሎ ጻፈ። እናታችን ወዲያው «ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም! አውቶቡሱ ከቅዳሜ ጀምሮ ተበላሽቶ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። «ስለ» ምክንያት ታመጣለች። ሁለት ነገር ተከታትሎ ስለተጻፈ አንዱ የሌላው ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ «ስለ»ን ከማስገባታችን በፊት ባለቤቱን መጠየቅ አለብን። ብሩ ለምን እንዳለቀ ስንጠይቃቸው ግን «ለታክሲና ለመርፌ ነዋ» አሉን። እዚህ ላይ «ስለ» ቦታዋ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነበር። «ጎረቤቴ ልጁን ጤና ጣቢያ አድርሶ ተሻለው» ብለን ጻፍን። ከኋላ የተቀመጡ አባት «ጎረቤትዎ ታሞ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛ ግን አፈርን። «አድርሶ»፥ «መጥቶ»፥ «አግኝቶ» የሚሉትን ቃላት የሰዋስው መምህራን ቦዝ አንቀጽ ይሏቸዋል። ብቻቸውን አይቆሙም፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ማሠሪያ አንቀጽ ይጠብቃሉ። ሌላ ሰው ካልተጠራ አንባቢው የሁለቱም ባለቤት አንድ ሰው ነው ብሎ ያነባል። «ጎረቤቴ መጥቶ ልጁን ተሸከመው» ቢባል ደኅና ነው፤ የመጣውም የተሸከመውም እሱ ነውና። ያደረሰው ጎረቤት፥ የተሻለው ልጁ ሲሆን ግን ወይ የልጁን ስም እንጠራለን፥ ወይ ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ እንዘጋለን።

«ና»ም አለች። «መጣና ተሸከመውና ደረሱና አገኙና» እያሉ መሄድ ማጋጠም አይደለም፤ አራት ነጥቡን አጥፍቶ በቦታው «ና»ን መትከል ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ «ና» ይበቃል እንላለን። በአፍ ስንጫወት ብንደጋግማትም ማንም አይቀየመንም።

ብዙ ተፍቆ፥ ብዙ ተከራክረን፥ ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ሰኞ ዝናብ ዘነበ፤ አውቶቡስም ከቅዳሜ ጀምሮ ተበላሽቶ ስለነበር አልመጣም። ልጁን ሲያተኩሰው ጎረቤቴ መጥቶ ተሸከመውና መገናኛ ደረሱ። እዚያ ታክሲ አግኝተው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ልጁም መርፌ ተወጋ። ተሻለው። ለታክሲና ለመርፌ ስለተከፈለ የያዝኩት ብር አልቋልና ብር ላክልኝ።»

አሥራ አንዱ አምስት ሆነ። የአውቶቡሱን መበላሸት፥ ጤና ጣቢያውንና የብሩን ማለቂያ የጨመርነው ከእናታችን አፍ ሰምተን ነው፤ ከራሳችን ያመጣነው የለም።

ትክክል መሆኑን እንዴት እናውቃለን? መልሰን እንበትነዋለን። አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ወስደን እንደ ገና አጫጭር እናደርገዋለን። «ልጁን አተኮሰው። ጎረቤቴ መጣ። ልጁን ተሸከመው። መገናኛ ደረሱ።» አራት ገብተው አራት ወጡ። ያንን የመጀመሪያውን «ዝናብ ስለዘነበ አውቶቡስ አልመጣም» ስንበትነው ግን ሁለት ገብተው ሦስት ይወጣሉ፦ ዝናብ ዘነበ፤ አውቶቡስ አልመጣም፤ ያስቀረውም ዝናቡ ነው። ሦስተኛውን ማንም አልተናገረውም። ከገባው በላይ ከወጣ ሐሰት ተጨምሯል፤ ካነሰም አንድ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው።

«ተሻለው» ብቻውን ለምን ቀረ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኛማ ከመርፌው ጋር ልናጋጥመው ፈልገን ነበር። እናታችን እምቢ አሉ። «ወንድሜ ደብዳቤውን ሲከፍት የሚፈልገው እሱን ነው፤ ምን ብዬ በሌላ ነገር መካከል እደብቅበታለሁ?» አሉን። ተሸነፍን። እንዲያውም እርሳሱን ከእጃችን ወስደው ከሰላምታው ቀጥሎ፥ ከዝናቡም በፊት፥ «ልጁ ደኅና ነው።» ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉበት።