ሦስት ማዕዘናዊ ጭነትና ተተኪው ኃይል



በቦሌና በምሥራቃዊው አዲስ አበባ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ጥቁር አፈር በሰፊው ይገኛል። ስለዚህ ከመንገድ ወለል ዝቅ ብሎ ሕንፃ ሲሠራ፣ ከደጋፊው ግንብ ጀርባ ያንን አፈር መልሶ ከመሙላት ይልቅ የተመረጠ ጠጠራማ ሙሌት ማስገባት ይመረጣል። የዛሬው ንግግሬ ይህ ሙሌት በግንቡ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት በአንድ ኃይል ስለ መተካትና መተካቱ እስከ የት እንደሚያገለግል ነው።

ከመሠረቱ ጋር ተያይዞ ብቻውን የቆመ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግንብ እንውሰድ። ሙሌቱ ደረቅና ከላይ ሜዳ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ 18 ኪሎኒውተን ይመዝናል፤ የጎን ግፊቱም የቁም ግፊቱ አንድ ሦስተኛ ነው። እንግዲህ ግፊቱ ከአናቱ ዜሮ ተነሥቶ ከግርጌው በሜትር ካሬ 18 ኪሎኒውተን ይደርሳል። ተተኪው ኃይል የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ስለሆነ፣ በአንድ ሜትር የግንብ ርዝመት 27 ኪሎኒውተን ነው።

ይህ ኃይል የት ላይ ያርፋል? ግንቡን ከመካከሉ ለሁለት እንክፈለው። የላይኛው ግማሽ የሚሸከመው 6.75፣ የታችኛው ግን 20.25 ኪሎኒውተን ነው። በግርጌው ዙሪያ ያላቸው ሞመንት ግን እኩል ነው፤ እያንዳንዳቸው 13.5 ኪሎኒውተን ሜትር ይሰጣሉ፤ ላይኛው ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም ክንዱ ረጅም ነውና። ድምሩን 27 ለ27 ብናካፍል፣ የኃይሉ መስመር ከግርጌው 1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ማለትም በቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ያልፋል።

ይህ ተተኪ ኃይል የግንቡን መገልበጥና መንሸራተት ለመመርመር በቂ ነው። ለግንቡ ውስጣዊ ሞመንት ግን አያገለግልም። አንድ ሰው በ1.5 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያስፈልገውን ፌሮ ለማስላት ቢጠቀምበት፣ ኃይሉ ከዚያ ነጥብ በታች ስለሚያልፍ ሞመንቱን ዜሮ ያገኛል፤ ፌሮውንም እዚያው ሊያስቆርጥ ይችላል። እውነተኛው ሞመንት ግን 6.75 በ0.5 ሲባዛ 3.375 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ክፍሉን መቁረጥ፣ ቀጥሎም ከቁርጡ በላይ ያለውን ጭነት ብቻ መተካት ይገባል።

ስሌቱ የሚጸናውም ሙሌቱ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ተደፍነው የክረምት ውሃ እስከ አናቱ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን 45 ኪሎኒውተን ይጨምራል። ሙሌቱ በውሃ ውስጥ ስለሚቀል ድርሻው ወደ 17 ያህል ይወርዳል። ኃይሉ ያው በ1 ሜትር ላይ ቢያርፍም፣ መጠኑ 62 ያህል ይሆናል፤ ከታሰበው እጥፍ በላይ ማለት ነው።