አትክልት ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ለብለብ ማድረግ፦ በፎሶሊያ የተደረገ ሠርቶ ማሳያ



ጠዋት መርካቶን ስትዞሩ ካያችኋቸው ድስቶችና ወንፊቶች አንዳንዱን ገዝተን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል። ለዛሬው ሥራ የተለየ ማሽን አያስፈልግም። 1 ኪሎ ፎሶሊያ፣ 20 ሊትር የሚይዝ ድስት፣ ወንፊት፣ በረዶና የእጅ ሰዓት ይበቃል።

ከዚህ በፊት ከሠለጠኑት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ዋጋ ሲወርድባቸው ፎሶሊያቸውን አጥበው፣ ጥሬውን በፌስታል አድርገው ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጡት። ከ3 ወር በኋላ ሲያወጡት ቀለሙ ደብዝዟል፣ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፣ ሲበስልም እንደ ገመድ ሆነ። ፍሪዘሩ ምንም አልሆነም። አትክልት ከተለቀመም በኋላ በውስጡ ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮች ሥራቸውን አያቆሙም፤ ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ቫይታሚኑን ቀስ በቀስ ያበላሹታል። ቅዝቃዜ ያዘገያቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። የሚያጠፋቸው ሙቀት ነው። አትክልቱን በፈላ ውኃ ለብለብ የምናደርገውም ለዚህ ነው።

እኚህ እናት ሁለተኛውን ዙር ለብለብ አድርገው ሞከሩ። በእጃቸው የነበረው ወረቀት «ፎሶሊያ 3 ደቂቃ» ይላል፤ እሳቸውም 3 ደቂቃ ቆጠሩ። እንደገና ተበላሸባቸው። ስህተቱ ሁለት ቦታ ላይ ነበር።

አንደኛው፣ ድስቱን አጭቀውት ነበር። ብዙ አትክልት በአንድ ጊዜ ሲገባ ውኃው መፍላቱን ያቆማል። ሰዓቱን የቆጠሩት ደግሞ አትክልቱን ከጨመሩበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እንዲህ ለብ ብሎ የቀረ አትክልት ጥሬውን ከተቀመጠው ይብሳል፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ሳያጠፋው ያነቃቃዋልና። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ፎሶሊያ 15 ሊትር ያህል ውኃ እናፈላለን። ፎሶሊያውን ጨምረን እንከድናለን። ውኃው በ1 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መፍላት አለበት፤ ካልፈላ በሚቀጥለው ዙር አትክልቱን እንቀንሳለን። ሰዓት የምንቆጥረው ተመልሶ ከፈላ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የወረቀቱ ነው። እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች በአብዛኛው የተዘጋጁት ውኃ በ100 ዲግሪ ገደማ ለሚፈላበት ቆላ አገር ነው። አሁን ያለንበት መርካቶ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳት ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚያስቸግር የምታውቁት ነው። ስለዚህ ከ1,500 ሜትር በላይ ያላችሁ ሁሉ በሰንጠረዡ ላይ 1 ደቂቃ ጨምሩ። ፎሶሊያ 3 የነበረው 4 ይሆናል፤ የሐበሻ ጎመንም 4፤ ቆስጣና ተቆራርጦ የተዘጋጀ ካሮት 3 ደቂቃ። ቃሪያና ሽንኩርት ግን ለብለብ ሳይደረጉም መቀመጥ ይችላሉ።

ጊዜው ሲያልቅ ፎሶሊያው ወዲያው በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ካልሆነ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። በረዶው በክብደት ከአትክልቱ ጋር እኩል ይሁን፤ የሚቀዘቅዝበትም ጊዜ በፈላ ውኃ ከቆየበት ጋር እኩል ነው። ውኃውና በረዶው ንጹሕ መሆን አለባቸው፤ ፍሪዘር ጀርም አይገድልም።

በፈላው ውኃ ውስጥ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አትጨምሩ፤ አረንጓዴውን ወደ ቡናማ ይወስደዋል። ቀለም ይጠብቃል ተብሎ ሶዳ የሚጨምሩም አሉ። ቀለሙስ ያምራል፤ ነገር ግን አትክልቱ ይላሽቃል፣ ቫይታሚን ሲም ይጠፋል። ጊዜ ማብዛትም እንዲሁ ነው፤ ቫይታሚኑ ከውኃው ጋር አብሮ ይደፋል።

መድረሱን በምን እናውቃለን? ከመድኃኒት ቤት ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግዙ። አንድ ጥሬና አንድ ለብለብ የተደረገ ፎሶሊያ ቆርጣችሁ ጠብ አድርጉባቸው። ጥሬው አረፋ ያወጣል። ሁለተኛውም ካወጣ አልደረሰም ማለት ነው። አረፋ ባያወጣም ደቂቃውን አታሳጥሩ፤ ቶሎ የሚጠፋው ኢንዛይም ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። የሞከራችሁበትን ጣሉት።

ከዚያ በኋላ ውኃውን አጥልሉና በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቁ። በትሪ ላይ ሳይደራረብ እንዲጠጥር አድርጉና በግማሽ ኪሎ በግማሽ ኪሎ አሽጉ። አየሩን አስወጡ፣ ቀኑን ጻፉ። ፍሪዘሩ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መሆን አለበት።

መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 2 ቀን ያህል፣ በግማሽ የሞላ 1 ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራት ሲመጣ ከፍታችሁ ዳስሱት፤ ውስጡ አሁንም በረዶ ካለው መልሶ ይጠጥራል። በረዶው ቀልጦ ነገር ግን እንደ ፍሪጅ ከቀዘቀዘ የዚያኑ ቀን ይብሰል እንጂ ለሽያጭ አይመለስ። ሙቀት ከገባው ይጣል።

ውኃው ፈልቷል። ሰዓት የምትይዙት ቅረቡ፤ ፎሶሊያውን እንጨምራለን።