የኪራይ ገንዘብ በእጅ ስንሰጥ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)

እኅቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ወረቀት ነው። አብዛኞቻችን የቤት ኪራይ የምንከፍለው በጥሬ ገንዘብ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መከፈል አለበት። ግቢያችን ውስጥ ግን ነገሩ ገና እዚያ አልደረሰም።

የአንዲት አባላችንን ሂሳብ በፈቃዷ፣ ስሟን ሳልጠራ ላሳያችሁ። ሐምሌ 1 ቀን ቤት ገባች፤ ኪራዩ በወር 6,500 ብር ነው። ስትገባ 13,000 ብር ሰጠች። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሚያዝያ በየወሩ 6,500 ስትከፍል ቆየች። ጳጉሜን ማንም አልቆጠራትም። ስምንት ወር በ6,500 ሲባዛ 52,000፣ ከመጀመሪያው 13,000 ጋር 65,000 ብር ይሆናል። ይህም የአሥር ወር ኪራይ ነው፤ በእሷ ሂሳብ ምንም ዕዳ የለባትም።

በሚያዝያ መጨረሻ አከራይዋ የሁለት ወር ኪራይ ቀርቶብሻል አሏት። ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ አንድም ብር አልካዱም። 65,000 ብር መቀበላቸውን ያምናሉ። ልዩነቱ የመጀመሪያው 13,000 ላይ ነው፦ እሷ የሐምሌና የነሐሴ ቅድሚያ ክፍያ ነው ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ መያዣ ነው፣ ስትወጪ የምመልስልሽ ይላሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ያኔ የነበረው ደላላ «የሁለት ወር» መባሉን ብቻ ነው የሚያስታውሰው፤ ይህ ደግሞ ለሁለቱም ይሠራል። በመጨረሻ በሽማግሌ ለሁለት ተካፈሉት፤ እሷ 6,500 ብር ጨመረች።

ይህን ገንዘብ በባንክ አስገብታ ቢሆን ኖሮስ? የገቢ ወረቀቱ በዚህ ቀን 13,000 ብር ወደ እሳቸው ሒሳብ መግባቱን ያሳያል፤ ለምን እንደገባ ግን አይናገርም። ባንክ የሚያረጋግጠው ገንዘቡን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ስለዚህ በባንክም ሆነ በቴሌብር ስትልኩ የምክንያት ቦታውን ባዶ አትተዉት፤ «የኅዳር 2017 የቤት ኪራይ» ብላችሁ ሙሉት። ገንዘቡን ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ የሚያስገቡ ከሆነም የተከራይዋ ስም እዚያው ይግባ። በሙቀት የሚታተመው የማሽን ወረቀት ጥቂት ወራት ቆይቶ ስለሚደበዝዝ በዚያው ቀን ፎቶ አንሱት።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ከባንክ አውጥቼ ነው የሰጠኋቸው፣ ባንኩ ማረጋገጫ ይስጠኝ» ትላላችሁ። የሒሳብ መግለጫው ብሩን ማውጣታችሁን ያሳያል፤ ለማን እንደሰጣችሁት ግን ባንኩ አያውቅም። ከሌላ ማስረጃ ጋር ይደግፋችኋል እንጂ ለብቻው ደረሰኝ አይሆንም።

በእጅ ስትሰጡ ወረቀቱን ራሳችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። አከራይ ደረሰኝ ጻፉልኝ ሲባል ይሰለቻል፤ የተጻፈውን መፈረም ግን ቀላል ነው። የአባላችን ወረቀት እንዲህ ቢል ኖሮ ክርክሩ ባልተነሳ ነበር፦

«እኔ (ሙሉ ስም) በቀበሌና ቤት ቁጥር … ለሚገኘው ቤት የሐምሌና የነሐሴ 2016 ኪራይ 13,000 (አሥራ ሦስት ሺህ) ብር በጥሬ ገንዘብ ከወይዘሮ … ሐምሌ 1 ቀን 2016 ተቀብያለሁ። መያዣ አይደለም። ፊርማ።»

የተከፈለበት ቀንና የተከፈለለት ወር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስተውሉ። ጥር 28 የከፈለች ሴት ለጥር ይሁን ለየካቲት ካልጻፈች አንድ ወር ይጠፋባታል። ገንዘቡን የሚቀበለው የአከራይዋ ወንድም ወይም ልጅ ከሆነ «በ… ስም ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርም። መጻፍ ለማይችሉ አሻራና የአንድ ምስክር ፊርማ ይሁን።

ከዚህ በፊት ያለ ወረቀት የከፈላችሁ ግን አስር ደረሰኝ ወደ ኋላ ቀን አታስጽፉ፤ ያ ጥርጣሬ ያመጣል። አንድ ወረቀት በዛሬው ቀን ይበቃል፦ «ከሐምሌ 2016 እስከ ሚያዝያ 2017 ያለውን ኪራይ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ።» በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በየጊዜው ለሚከፈል ዕዳ ምንም ቅሬታ ሳይያዝበት የተሰጠ የኋለኛው ጊዜ ደረሰኝ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ የቀደሙት እንደተከፈሉ ያስቆጥራል።

«አላመንሽኝም እንዴ?» የምትለዋ ቃል እንደምታስፈራችሁ አውቃለሁ፤ ከብሩ በላይ የምትከብደው እሷ ናት። ለእትዬ እንዲህ በሏቸው፦ «እትዬ፣ እርስዎን ሳይሆን የራሴን ጭንቅላት ነው ያላመንኩት፤ ለቤቴ ወጪ ደብተር ነው።» ግብር ያመጣብኛል ብለው እምቢ ካሉ አትጣሉ። እዚያው ቆማችሁ በስልክ መልእክት ላኩ፦ «እትዬ፣ የየካቲት ኪራይ 6,500 ብር ዛሬ በእጅዎ ሰጥቻለሁ።» «ደርሶኛል» ብለው ከመለሱ እንደ ፊርማ ባይሆንም ቀላል ነገር አይደለም። መልእክቱን አታጥፉት።

ካርቦን ያለው ባለ ሁለት ቅጂ ደብተር ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይገኛል፤ አንዱ ቅጂ ለእሳቸው፣ አንዱ ለእናንተ። የአጻጻፉን ናሙና ከስብሰባው በኋላ ከእኔ መውሰድ ትችላላችሁ።