መድኃኒቱ ነው ያልሠራው ወይስ መግሉ ነው ያልወጣው?

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ጊዜያችሁን የምወስደው ስለ ብጉንጅ ለመናገር ነው። ርእሱን ሲሰሙ ፈገግ የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ብጉንጅ ያልወጣበት ሰው በመካከላችን አይገኝምና። ሆኖም ስለዚሁ ስለ ተናቀው እባጭ አንድ አባባል በየጊዜው እንሰማለን፤ ይኸውም «ክኒኑን ጨረስሁ፣ አልተሻለኝም፣ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተላምዶታል» የሚል ነው። ከዚያም ሌላ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይታዘዛል፤ እሱም ካልሠራ ሦስተኛው ይከተላል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው በተሕዋሲው ላይ ከመፍረዳችን በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ መኖሩን ነው። ጥያቄውም «ውስጡ መግል አለ ወይ?» የሚል ነው።

የቆዳ ሕመም በባክቴሪያ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት መልኮች አሉት። አንደኛው ሴሉላይቲስ የሚባለው ነው። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያው በቆዳውና ከሥሩ ባለው ስብ ውስጥ እንደ ፈሰሰ ዘይት ይሰራጫል እንጂ በአንድ ቦታ አይጠራቀምም። ስፍራው ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል፤ ዳርቻው የት እንደሚያበቃ በትክክል ማመልከት ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር ላይ ይወጣል፤ በብሽሽትም ንፍፊት ሊኖር ይችላል። መግቢያው ብዙ ጊዜ በእግር ጣቶች መካከል የተሰነጠቀች ትንሽ ቁስል ናት። መግል በሌለው ሴሉላይቲስ በይበልጥ የሚጠረጠረው ስትሬፕቶኮከስ ነው። ሁለተኛው መልክ የመግል እባጭ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ከብቦ ግድግዳ ይሠራበታል፤ በግድግዳውም ውስጥ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች፣ የቀለጠ ሥጋና ባክቴሪያ ተቀላቅለው መግል ይሆናሉ። የዚህ ዋና ባለቤት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው።

ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ያሳስታል። የውጭ አገር መጻሕፍት «ቀይ ይሆናል» ይላሉ፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እጅ ከዓይን ይልቅ ይታመናል። የእጃችንን ጀርባ በታመመውና በጤነኛው ጎን ላይ እያፈራረቅን ሙቀቱን እናነጻጽር። ቀጥለን በሁለት ጣት እባጩን ግራና ቀኝ ይዘን መካከሉን በሦስተኛ ጣት ጫን እናድርግ። ሴሉላይቲስ ከሆነ ጠንከር ያለ ነገር ይሰማናል፤ መግል ካለ ግን መካከሉ ውሃ እንደ ያዘ አቁማዳ እየዋለለ ጎንና ጎን ያሉትን ጣቶች ይገፋል። በሽተኛውም ቢሆን ይነግረናል፤ አንዲት ነጥብ ላይ ይጠዘጥዘኛል፣ እንቅልፍ ነሣኝ ይላል። መግሉ ጠለቅ ብሎ ከተቀመጠ ግን ጣትም ይታለላል። በዚህ ጊዜ አልትራሳውንድ ከተገኘ ጥርጣሬውን ይቆርጣል፤ ካልተገኘም በወፍራም መርፌ ስቦ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መድኃኒት ወደ ሕመሙ ስፍራ የሚደርሰው በደም ተጭኖ ነው። ሴሉላይቲስ በያዘው ሥጋ ውስጥ የደም ሥሩ አለ፤ ደሙም እንዲያውም በርክቶ ይፈሳል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ይደርሳል። በመግል ከረጢት ውስጥ ግን የደም ሥር የለም። መድኃኒቱ ግድግዳውን እያጣራ ጥቂት በጥቂት ቢገባ እንኳ የሚጠብቀው ስፍራ አሲድ የበዛበት፣ ኦክሲጅን ያነሰው፣ ባክቴሪያውም መራባቱን አቁሞ ያንቀላፋበት ነው። የፔኒሲሊን ወገን የሆኑት ሁሉ፣ ክሎክሳሲሊንም ጭምር፣ የሚገድሉት ባክቴሪያው ሲያድግና አዲስ ግድግዳ ሲሠራ ነው፤ ያንቀላፋውን ብዙም አይነኩትም። ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ሌላ ችግር ያጋጥመዋል። የእሱ ሥራ ባክቴሪያው ለዲ.ኤን.ኤ. የሚያስፈልገውን ታይሚዲን እንዳይሠራ ማገድ ነው፤ መግል ውስጥ ግን ከሞቱት ሴሎች የወጣ ታይሚዲን ስለሚገኝ ባክቴሪያው ሳይደክም ከዚያ ይወስዳል። እንግዲህ ክኒኑ አልሠራም ሲባል ተሕዋሲው ጀግና ስለ ሆነ ላይሆን ይችላል፤ በሩ ስለ ተዘጋ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በመኝታ ቤት ከሌሎች ጋር የሚኖር የ21 ዓመት ኳስ ተጫዋች ተማሪ እንበል። በቀኝ ጭኑ ላይ ብጉር ወጣችበት፤ በጥፍሩ ጨመቃት። በሁለተኛው ቀን አበጠ። እሱም «ሸረሪት ሸናብኝ» አለ። (በአሜሪካም እንዲሁ ብዙ ሕሙማን «ሸረሪት ነከሰኝ» እያሉ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሲመረመሩ ስታፊሎኮከስ ተገኝቶባቸዋል፤ ሸረሪት በየአገሩ ያልሠራችውን ትከሰሳለች።) ከመድኃኒት ቤት ክሎክሳሲሊን ገዝቶ 500 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ለሦስት ቀን ዋጠ። እባጩ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ደረሰ፤ ዙሪያውም ሞቀ። ትኩሳቱ 37.4፣ የልብ ምቱ 88 ነው። መካከሉ ሲጫኑት ይዋልላል። አሁን ምን እናድርግ? መድኃኒት እንለውጥ? አይደለም፤ እንብጣው።

አበጣጡ እንዲህ ነው። ቆዳው በፀረ ተሕዋስ ይጸዳል፤ 1 ከመቶ የሆነ ሊዶኬይን በእባጩ ዙሪያ ባለው ቆዳ ላይ ይወጋል። ወደ መግሉ ውስጥ መውጋት ጥቅም የለውም፤ የመግሉ አሲድ የማደንዘዣውን ኃይል ስለሚያዳክመው። ከዚያም በሹል ምላጭ የቆዳውን ተፈጥሯዊ መስመር ተከትሎ መግሉ ያለ ችግር እስኪፈስ ድረስ ይቀደዳል። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት ቀዳዳውን ማጥበብ ነው፤ በማግስቱ አፉ ይዘጋና መግሉ እንደ ገና ይሞላል። ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያው መግል ሲፈስ «አለቀ» ማለት ነው። እባጩ ብዙ ጊዜ እንደ ማር እንጀራ በክፍል በክፍል የተለየ ስለሆነ የተዘጋ መቆንጠጫ አስገብቶ በየአቅጣጫው እየከፈቱ የውስጡን መከፋፈያ መስበር ያስፈልጋል። በመርፌ ስቦ መተው ይህን ሥራ አይተካም፤ ወፍራሙ መግል በመርፌ አይወጣም። ከመግሉም ጥቂት ለላቦራቶሪ ይወሰዳል። ጉድጓዱ በጨው ውሃ ይታጠባል፤ አይሰፋም፤ በንጹሕ ፋሻ ብቻ ይሸፈናል፣ ከታች ወደ ላይ እየሞላ እንዲድን። እንዲህ ላለ ትንሽ እባጭ ጉድጓዱን በፋሻ መጠቅጠቅ ከሥቃይ በቀር ብዙ ጥቅም አልታየበትም። በሽተኛው በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይታያል።

ነገር ግን ይህን የሰማ ሁሉ ምላጭ ያንሣ ማለቴ አይደለም። በብሽሽት ወይም በአንገት ላይ ያለ እባጭ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ ያበጠ የደም ሥር ሊሆን ይችላል፤ እሱን መብጣት ሰው መግደል ነው። የፊት፣ የእጅ መዳፍ፣ የጡትና የመቀመጫ አካባቢ እባጭ ለቀዶ ሐኪም የሚተው ነው። ከሚታየው ቁስል ይልቅ ሥቃዩ እጅግ ከበረታ፣ በሰዓታት ውስጥ ከተስፋፋ፣ ቆዳው ከጠቆረና ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም ሲነኩት ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ሴሉላይቲስም እባጭም ነው ተብሎ አይጠበቅም፤ ሥጋን የሚያበሰብስ ሕመም ነውና በዚያው ዕለት ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። እውነተኛውን ሴሉላይቲስ ደግሞ መብጣት ከደም በቀር የሚያወጣው የለም።

ሜቲሲሊንን የተቋቋመው ስታፊሎኮከስ ታዲያ መቼ ይጠረጠራል? ሜቲሲሊን በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው ፔኒሲሊንን የሚሰብሩትን ስታፊሎኮከሶች ለመግደል ነበር። በ1961 ግን ከእንግሊዝ አገር የማይገድላቸው ዘሮች መገኘታቸው ተነገረ። ባክቴሪያው ሜክ ኤ በተባለው ጂን አማካይነት መድኃኒቱ የማይጣበቅበት ሌላ ፕሮቲን ይሠራል፤ ስለዚህ ክሎክሳሲሊንና አብዛኞቹ የዚያ ወገን መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ ይከሽፋሉ። ሜቲሲሊን ራሱ ኩላሊት ስለሚጎዳ ዛሬ አይሰጥም፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ሜቲሲሊንን የተቋቋመው ዘር በፊት የሆስፒታል እንግዳ ሲሆን ከ1990ዎቹ ወዲህ ሆስፒታል ያልረገጡ ጤነኞችንም መያዝ ጀመረ። በነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ. በ11 የአሜሪካ ከተሞች ድንገተኛ ክፍሎች በተደረገ ጥናት ከመግል ካለበት የቆዳ ሕመም 59 ከመቶው በዚሁ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር የአሜሪካ ነው፤ ለእኛ የሚሆነው የየራሳችን ላቦራቶሪ የሚሰጠው ነው።

ጥርጣሬውን የሚያነሣሡ ነገሮች አሉ። መግል ያለበት መሆኑ ቀዳሚው ነው። ቀጥሎ በቅርቡ ሆስፒታል የተኛ ወይም ብዙ መድኃኒት የወሰደ፣ በተደጋጋሚ ብጉንጅ የሚወጣበት፣ ፎጣና ምላጭ የሚዋዋስ፣ አብሮት የሚኖረውም ሰው ተመሳሳይ እባጭ ያለበት ሲሆን ነው። በትክክል ከወጣ በኋላ ያልዳነ እባጭም ያጠራጥራል። «በትክክል ከወጣ በኋላ» የሚለውን ቃል አጥብቄ እይዛለሁ፤ ሳይወጣ የቀረ መግል ለመድኃኒት አለመታዘዙ የመቋቋም ምስክር አይሆንም።

መግሉ ከወጣ በኋላ መድኃኒት ያስፈልጋል ወይ? በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ እባጭ ያላቸው ሰዎች ተበጥተው የውሸት ክኒን ሲሰጣቸው ወደ 69 ከመቶው ዳኑ፤ ክሊንዳማይሲን ወይም ኮትሪሞክሳዞል የተጨመረላቸው ግን ከ80 ከመቶ በላይ ዳኑ። ምላጩ ብቻውን ብዙውን ሥራ እንደሚሠራ፣ መድኃኒቱም የሚረዳ እንጂ ምላጩን የሚተካ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ትኩሳት ላለው፣ ዙሪያው ብዙ ለተስፋፋበት ወይም የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው መድኃኒቱ ሊቀር አይገባም፤ በጠና የታመመ ከሆነም ሆስፒታል ተኝቶ ቫንኮማይሲን በደም ሥር ይሰጠዋል።

የተማሪያችን መግል በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። ላቦራቶሪው ለምርመራ የሚጠቀምበት 30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን የያዘች ክብ ወረቀት ናት፤ በዙሪያዋ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክበብ 21 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የተቋቋመው ነው ይባላል። የእሱ 27 ሆነ። እንግዲህ ክሎክሳሲሊን ባክቴሪያውን መግደል ይችል ነበር ማለት ነው፤ ያቃተው ወደ ከረጢቱ መድረስ ነበር። ክበቡ 16 ሆኖ ቢገኝስ ኖሮ? መብጣቱ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚጨመረው መድኃኒት ብቻ ነው፤ ክሎክሳሲሊን ይቀርና ላቦራቶሪው ይሠራል ያለው ኮትሪሞክሳዞል ወይም ዶክሲሳይክሊን ይተካል፤ አብረውት የሚተኙት ተማሪዎችም ብጉንጅ አለባቸው ወይ ተብለው ይጠየቃሉ፤ ፎጣና ምላጭም ለየብቻ ይሆናል።