ከሥራ ለተቀነሰ ባልደረባ የሚነገር የስንብት ቃል

በደቡብ ጎንደር በሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ በደመወዝ የሚተዳደር የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው በፕሮጀክት ሲሆን፣ የፕሮጀክቱ ዕድሜም ሠራተኛው ፈጽሞ አይቶት በማያውቀው ለጋሽ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማለትም የምግብ እጥረት ያለባቸው ቤተሰቦች እርከንና መንገድ እየሠሩ፣ መሥራት የማይችሉት ደግሞ በቀጥታ፣ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኙበት ሥርዓት፣ ከመነሻው የውጭ ለጋሾች ገንዘብ የታከለበት ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታው ለ90 ቀናት እንዲቆም ባዘዘ ጊዜ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎችን ውል ማቋረጡ የታወቀ ሲሆን፣ ይህም በሥራው ጥፋት ያልተገኘበት ሰው በአንድ ደብዳቤ ከሥራ ውጭ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አሳይቷል። ከእንዲህ ያለው ደብዳቤ በኋላ በሥራው የቀሩት ባልደረቦች ሽኝት ያዘጋጃሉ፤ አንዱም ተነሥቶ እንዲናገር ይመረጣል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ሰው የሚናገረው ቃል ነው።

ተናጋሪው አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባው ነገር ባልደረባው ከሥራ የወጣበት መንገድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሚያውቃቸው ሁኔታዎች መካከል ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል፤ እነዚህም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ የተገባ ውል ሲያልቅ የሚፈጸመው መለያየት፣ በሠራተኛው ጥፋት የሚደረገው ስንብት እና ቅነሳ ናቸው። ቅነሳ የሚባለው የድርጅቱ ሥራ ወይም አቅም ስላነሰ ብዛት ያላቸው ሠራተኞች በአንድ ወቅት የሚሰናበቱበት አሠራር ነው። አድማጩ እነዚህን ሦስቱን በቀላሉ ያደባልቃቸዋል፤ ተናጋሪው ምክንያቱን ሳይጠቅስ ካለፈ ደግሞ ወገዳ ወይም አርብ ገበያ ባለ ትንሽ ከተማ ባዶውን ቦታ ሐሜት ይሞላዋል፣ ባለ ሱቁም ዱቤ ከመስጠቱ በፊት ሰውዬው ምን አጥፍቶ እንደ ወጣ ይጠይቃል። ስለዚህ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ለተሰናባቹ የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ይሁን እንጂ ምክንያቱን መናገርና ምርጫውን ማስረዳት የተለያዩ ናቸው። በሕጉ መሠረት በቅነሳ ጊዜ በሥራው እንዲቆዩ ቅድሚያ የሚሰጣቸው የሥራ ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያላቸው ሠራተኞች ናቸው፤ የአገልግሎት ዘመንና የቤተሰብ ጥገኞች ብዛት የሚታዩት በዚህ መመዘኛ እኩል በሆኑት መካከል ነው። ከዚህ የተነሣ የተቀነሰው ሰው ማንም ምንም ሳይለው እንኳ ከቀሩት ያነሰ ተብሎ እንደ ተቆጠረ ይሰማዋል። በሥራው የቀረ ባልደረባ ተነሥቶ ውሳኔው አስቸጋሪ ነበር ወይም ግዴታ ሆኖ ነው ሲል ራሱን ከመራጮቹ ጋር ያሰልፋል፤ ቁስሉም የሚጠልቀው በዚህ ጊዜ ነው። ተናጋሪው መሥሪያ ቤቱን ወክሎ ከመናገር መታቀቡ ከሁሉም ምክር ይቀድማል።

አሁን አንድ ጉዳይ በምሳሌነት ተቀምጦ ይታይ። በስማዳ ወረዳ በአንድ ፕሮጀክት ስድስት ዓመት የሠራ፣ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር የማጣራትና ቅሬታ የመቀበል ሥራ የነበረው፣ በዕድሜ ከሌሎቹ የሚበልጥና ጋሼ እየተባለ የሚጠራ ሠራተኛ ተቀንሷል እንበል። በልማድ የሚጻፈው ንግግር የሚከተለውን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ መገናኘት ካለ መለያየት አይቀርም። እኛ ቤተሰብ ነን፤ ቦታዎ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እግዚአብሔር የሚያደርገው ሁሉ ለበጎ ነው። መንገድዎን ጨርቅ ያድርግልዎ።»

በዚህ ውስጥ ክፉ ቃል የለም፤ ነገር ግን ንግግሩ በፈቃዱ ተዛውሮ ደብረ ታቦር ለሚሄድ ሰው ቢነበብ አንዲት ቃል መለወጥ አያስፈልገውም፣ ማስመሰሉም የሚታወቀው በዚህ ነው። ቦታዎ ክፍት ነው የሚለው ሐሰት ነው፣ መደቡ ተዘግቷልና። ለበጎ ነው የሚለው ቃል በእምነት ሰው ዘንድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያን የማለት መብት ያለው ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ራሱ እንጂ በሚመጣው ወር ደመወዙን የሚቀበል ባልደረባ አይደለም። መንገድዎን ጨርቅ ያድርግልዎ የሚለውም መልካም ምርቃት ሆኖ ሳለ፣ መሄጃ ለሌለውና እዚያው ከተማ ለሚቀር ሰው ሲነገር ባዶነቱ ይሰማል። በአንጻሩ እግዜር ያጽናዎት ማለትም የሐዘን ቤት ቃል ስለሆነ ሰውዬውን በቁሙ ያለቀሱለት ያስመስላል።

ይኸው ንግግር እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦

«ጋሼ፣ ዛሬ የተሰበሰብነው እርስዎ ሥራውን ስለ ተዉ አይደለም፤ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ስለ ቆመና መደብዎ ስለ ተዘጋ ነው። እኛ አልፈለግነውም፣ ልናስቀረውም አልቻልንም። ስሙ ከዝርዝር የወጣበት ሰው ሲመጣ ምክንያቱን አስቀምጠው ያስረዱት ነበር፤ ከእኛ መካከል ሦስታችን የማጣሪያ ቅጹን መሙላት የተማርነው ከእርስዎ ነው፣ ዛሬም የምንሞላው እርስዎ ባሳዩን መንገድ ነው። ምስክር የሚጠይቅ ቀጣሪ ካለ የሦስታችንን ስልክ ይስጡ። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ቤትዎ መጥተን ቡና እንጠጣለን።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምክንያቱን ይናገራል፤ ሁለተኛው የተናጋሪዎቹን አቅም ልክ ያሳያል፣ ነገር ግን መነገር ያለበት እውነት ሲሆን ብቻ ነው፤ ከባልደረቦቹ አንዱ በቅነሳው ኮሚቴ ተቀምጦ ከነበረ ይህ ዐረፍተ ነገር ይውጣ። ትልቁ ክብደት ያረፈው በሦስተኛው ላይ ነው። ታታሪ፣ ቅንና ትሑት ነበሩ የሚሉ የምስጋና ቃላት ለማንም ይሆናሉ፤ የማጣሪያ ቅጹ ግን የእርሱ ብቻ ነው፣ እዚያ የተቀመጡት ሁሉ እውነትነቱን ያውቃሉ፣ ሥራው ከእርሱ በኋላ መቀጠሉም ያነሰ ሆኖ ተመርጧል የሚለውን ስሜት ማንም ስለ ምርጫው ሳይከራከር ይመልሳል። ተስፋውም ትንሽ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ሥራ እንፈልግልዎታለን የሚል ቃል ካልተፈጸመ ሁለተኛ ስንብት ይሆናል፣ ቀን የተቆረጠለት ቡና ግን በተናጋሪዎቹ እጅ ነው።

የንግግሩ ጽሑፍ ከመነበቡ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ለተሰናባቹ ራሱ ቢታይ ይመረጣል፤ ምክንያቱ በአደባባይ እንዲነገር የማይፈልግ ሰው አለና፣ እንዲህ ካለ ምክንያቱ ይቀራል፣ ሌላ ምክንያት ግን አይፈጠርለትም። ለስጦታ መዋጮ ከተሰበሰበም ጋቢ ተገዝቶ በጉባኤው ፊት ይለበሳል፣ ገንዘቡ ግን መጠኑ ሳይነበብ ለብቻ ይሰጣል፤ የብሩን ልክ በሕዝብ ፊት መጥራት ተከባሪ የነበረውን ሰው ተረጂ ያደርገዋል።

የሚቀረው ከባዱ ሁኔታ ባልደረቦቹ ምርጫው ፍትሐዊ እንዳልነበረ የሚያውቁበት ነው። ይህ በሽኝቱ ላይ ቢነገር ተሰናባቹ የራሱን መሰናበቻ ወደ ክርክር ተለውጦ ያየዋል፤ ሳይነገር መሥሪያ ቤቱ ቢመሰገን ደግሞ ባልደረቦቹ ያላመኑበትን ውሳኔ ያጸድቃሉ። ስለዚህ በንግግሩ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ አይነሣም። ጉዳዩ ለብቻ፣ በዚያው ሳምንት ይነገራል፤ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና፣ ሊመሰክር የፈቀደ ባልደረባ ካለም ይህን ጊዜው ሳያልፍ ለተሰናባቹ ይንገረው።