ድሪል ለሞጣ አናጺ

እሷ፦ ሞጣ ያለ አናጺ ድሪል ሊገዛ ነው። ቦሽ ይሻለዋል፣ ማኪታ ወይስ ኢንግኮ?

እሱ፦ ቦሽ ካልሽ ቀለሙን እይ። አረንጓዴው ለቤት ጥገና ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ሰማያዊው ነው።

እሷ፦ ሰማያዊ የተቀባ አስመስሎ የተሠራም አለ እኮ!

እሱ፦ አለ። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ይሰካው። ቀጥ ያለ መብሻ አስሮ ሲያስነሳው ጫፉ ከተወዛወዘ ይመልሰው። ቀዳዳውን ያሰፋበታል።

እሷ፦ ኢንግኮስ? ዋጋው ይቀላል።

እሱ፦ ለማጠፊያ ብሎን አልንቀውም። ወፍራም ባሕር ዛፍ በትልቅ መብሻ ሲበሳበት ከዋለ ግን ትንሹ ሞተር ይግላል።

እሷ፦ እኔ ከስሙ ይልቅ ካርቦኑን አስቀድማለሁ። ካርቦን የትኛውም ድሪል ላይ ያልቃል።

እሱ፦ ብሩሽ አልባዎቹን ሳይጨምር።

እሷ፦ እሺ፣ እነሱ ይቅሩ። ካርቦኑ ሲያጥር ማሽኑ ይቆራረጣል፣ በአየር ማስገቢያው ብልጭታ ይበዛል።

እሱ፦ ብዙ ሰው ያኔ ሞተሩ ተቃጠለ ይላል።

እሷ፦ አዎ! ከጎኑ ክዳን ካለው በካቻቢቴ ተፈቶ ሁለቱም ባንዴ ይቀየራሉ። ግን ልኩ ባሕር ዳር ድረስ ተፈልጎ ካልተገኘ፣ ውዱ ድሪል መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

እሱ፦ እዚህ ላይ ረታሽኝ። መፍቻም ሊገዛ ቢፈልግስ?

እሷ፦ «ክሮም ቫናዲየም» የሚለውን ጽሑፍ ማንም ይቀርጸዋል። ብሎን ይዞ ሄዶ ይሞክረው፤ ላላ ብሎ ከያዘ ጠርዙን ይበላበታል።