መዳፍ የምታክል ካርድ

መካነ ሰላም ላይ አንድ መምህር እንግዳ ሊያስተዋውቅ ነው እንበል። እንግዳው ስለ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ሊናገር መጥቷል። መምህሩ ያለው አንድ ደቂቃ ነው።

ሙሉውን ጽፎ ቢያነብ ቃል አይስትም። ግን ዓይኑ ከወረቀቱ አይነሳም። ቀና ሲል መስመሩ ይጠፋዋል። ደጅ ከሆነ ደግሞ የደጋው ነፋስ ሰፊውን ወረቀት ያርገበግበዋል።

ነጥብ ነጥቡን ብቻ ቢይዝስ? ዓይኑ ሰው ላይ ይሆናል፤ ንግግሩም የአፍ ንግግር ይሆናል። አደጋው መርዘሙ ነው። ወግ ወግን ይመዛል፤ አንዱ ደቂቃ አምስት ይሆናል፤ የእንግዳው ማዕረግም ይዘነጋል።

ለዚህች ደቂቃ መዳፍ የምታክል ወፍራም ካርድ ትሻላለች። ከላይ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ይጻፍ፤ ድምፅ የሚንቀጠቀጠው እዚያ ነውና። መሐል ላይ ሦስት ነጥብ ብቻ፦ «ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ጥበቃ»። ከታች የእንግዳው ማዕረግና ስም በጉልህ ፊደል ይስፈር። ስሙ መጨረሻ ላይ ሲጠራ ሕዝቡ መቼ ማጨብጨብ እንዳለበት ያውቃል።

የአቋም መግለጫ ወይም ውሳኔ የሚነበብ ከሆነ ግን አንዲት ቃል መለወጥ የለባትም። እዚያ ሙሉው ጽሑፍ ይያዝ።